አዲስ ቻናል በዘጠና ቀን፦ ምን ያህል መጫን፣ ምን መማር፣ መቼ መገምገም

አዲስ የዩቲዩብ ቻናል የሚከፍት ሰው ግቡ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በተከታይ ቁጥር ነው፤ «በሦስት ወር ውስጥ አምስት ሺህ ሰብስክራይበር»። ችግሩ ይህ ቁጥር በእጁ አለመሆኑ ነው። ተመልካች ሰብስክራይብ ያድርግ አያድርግ የሚወስነው ራሱ ተመልካቹ ነው። ባለቻናሉ ግን ሁለትና ሦስት ቪዲዮ ሠርቶ ተከታዩ ሠላሳ ላይ ሲቆምበት ዕቅዱ የከሸፈ ይመስለውና ይተወዋል። በአማርኛ ተከፍተው አራተኛና አምስተኛ ቪዲዮ ላይ የቆሙ ቻናሎችን ለማግኘት ብዙ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከመካከላቸው ጥሩ ሙያ ያላቸው ሰዎች የጀመሯቸው አሉ፤ ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ዘጠና ቀን በሰውየው እጅ ባሉ ሦስት ጉዳዮች ላይ ቢታቀድ ይሻላል፦ ስንት ቪዲዮ እንደሚጭን፣ በየወሩ የትኛውን ሙያ እንደሚማር፣ መቼ ቁጭ ብሎ ሥራውን እንደሚገመግም። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ ያለው መካኒክ እናስብ። መኪናቸውን ራሳቸው ለመረዳት ለሚፈልጉ ባለንብረቶች በአማርኛ የሚያስረዳ ቻናል ሊከፍት ነው። ርዕሱ ፈላጊ አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ በጥገና ዕድሜውን ማራዘም ግድ ሆኖበታል። መካኒኩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል፤ ረዳቱን ጨምሮ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ለቻናሉ ሊሰጥ የሚችለው እሑድንና የሁለት ሦስት ቀን ምሽትን ብቻ ነው።

የመጫኛ ግቡን የሚወስነው ይህ ሰዓት ነው፤ ጉጉቱ አይደለም። የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ለጀማሪ ምን ያህል ይፈጃል? የሚናገረውን አስቦ ለመጻፍ አንድ ሰዓት፣ ለመቅረጽ ሦስት ሰዓት፣ በስልክ ኤዲት ለማድረግ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ለርዕስና ለተምኔል፣ ማለትም ተመልካቹ ከመክፈቱ በፊት ለሚያየው የፊት ምስል፣ አንድ ሰዓት። በድምሩ አሥር ሰዓት ማለት ነው። በሳምንት አሥር ሰዓት ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቪዲዮ ይችላል፤ ሁለት አይችልም። ሁለት ብሎ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፉን ይሸጣል፤ በአምስተኛው ያቆማል።

በዚህ ስሌት መካኒኩ በዘጠና ቀን የሚጭነው አሥር ቪዲዮ ብቻ ይሆናል። ዘጠና ቀን አሥራ ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖ ሳለ ለምን አሥር? የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ቀናት ምንም የማይጫንባቸው ስለሆኑ ነው። በእነዚያ ቀናት ቪዲዮዎችን ቀርጾ፣ ኤዲት አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ በ15ኛው ቀን የመጀመሪያውን ይጭንና በየሰባት ቀኑ እየቀጠለ አሥረኛውን በ78ኛው ቀን ያወጣል። የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት የመጨረሻው ቪዲዮ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ውጤት እንዲኖረውና ግምገማው ሳይጣደፍ እንዲሠራ የተተዉ ናቸው።

እነዚያን በቅድሚያ የተሠሩ ቪዲዮዎች ስንቅ እንበላቸው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይደክማል፣ ልጅ ይታመማል፣ ጋራዡ ውስጥ ሥራ ይከመራል። ስንቅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ሳምንት ከስንቁ ያወጣል። እዚህ ላይ ጠቃሚ ደንብ አለ፦ ስንቁ ወደ አንድ ቪዲዮ ከወረደ፣ የሚቀጥለው ሥራ ስምንት ደቂቃ መሆኑ ይቀርና ሦስት ደቂቃ ይሆናል። የባትሪ ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ ዝቃጭ እንዴት እንደሚያጸዱ ማሳየት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ርዝመቱ ይቀነሳል እንጂ ቀኑ አይዘለልም።

የመጫኛው ሰዓትስ? ሰው በዚህ ብዙ ይጨነቃል። አዲስ አበባ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሪያድም እኩል ምሽት ነው፤ ዋሽንግተን ገና እኩለ ቀን ገደማ ነው። ዩቲዩብ ራሱ የሚጫንበት ሰዓት በቪዲዮ የረጅም ጊዜ እይታ ላይ በቀጥታ ለውጥ ማምጣቱ አይታወቅም ብሏል። ስለዚህ ቀኑን ቆርጦ መያዝ ይበቃል፤ ሰዓቱ ለባለቻናሉ በሚመቸው ይሁን።

የዳታው ወጪ ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ ዕቅድ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ በመሃል ብዙዎችን ያቆመ ወጪ ነው። ዩቲዩብ ለ1080p ቪዲዮ የሚመክረው መጠን በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ነው። ይህ በደቂቃ ወደ 60 ሜጋባይት ይመጣል፤ ስምንት ደቂቃው 480 ሜጋባይት። በ720p ከሆነ ምክሩ 5 ሜጋቢት ስለሆነ ስምንት ደቂቃው 300 ሜጋባይት ይሆናል። አሥሩ ቪዲዮ በመጀመሪያው መንገድ ወደ 5 ጊጋባይት፣ በሁለተኛው 3 ጊጋባይት ይፈልጋል ማለት ነው። መሃል ላይ ተቋርጦ እንደገና ለሚጫነው ደግሞ ግማሽ ያህል ተጨማሪ መያዝ ብልህነት ነው። ሞተር ውስጥ እጁን አስገብቶ ለሚያሳይ ሰው 720p በቂ ነው፤ ተመልካቹም በስልክ ነው የሚያየው።

በዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሌሎች ትንንሽ ሥራዎችም አሉ። ቻናሉ ለብቻው በተከፈተ ጂሜይል ይመዝገብ፤ ባለሁለት ደረጃ የመግቢያ ማረጋገጫ ይብራበት። ስልክ ቁጥር በማረጋገጥ የራስን ተምኔል የመጫን ፈቃድ ይገኛል፤ ያለዚያ ዩቲዩብ ከቪዲዮው ላይ ቆርጦ ከሚያቀርባቸው ምስሎች መምረጥ ብቻ ነው ያለው። ይህን በመጀመሪያው የመጫኛ ቀን ማታ ላይ ማወቅ ያናድዳል።

አሁን ወደ መማሩ እንምጣ። ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሻሻል ሲሞክር የትኛው እንደሠራለት ማወቅ አይችልም። በወር አንድ ሙያ ይበቃል። ለመካኒካችን የመጀመሪያው ወር ትምህርት ድምፅና መግቢያ ነው፤ የሁለተኛው ርዕስና ተምኔል፤ የሦስተኛው ተመልካቹን ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው መውሰድ።

ድምፅ ለምን ቀደመ? ጋራዥ ውስጥ ኮምፕሬሰር ይጮኻል፣ መዶሻ ይወርዳል፣ ጎረቤት ብየዳ ይሠራል። የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። ልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ አብዛኛውን ይፈታል። ትምህርቱ መግባቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ቪዲዮው በኢርፎን ሳይሆን በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ ተከፍቶ፣ ቪዲዮውን ያላየ ሰው «ምን አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ማዳመጥ ከቻለ።

መግቢያው ደግሞ በቁጥር ይታያል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ Analytics ሲከፈት ለእያንዳንዱ ቪዲዮ Audience retention የሚባል መስመር አለ፤ ከተመልካቾቹ ምን ያህሉ እስከየትኛው ሴኮንድ እንደቆዩ ያሳያል። መስመሩ ቪዲዮው ከወጣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚሞላው። ዩቲዩብ የመጀመሪያውን ሠላሳ ሴኮንድ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ትክክልም ነው፣ ትልቁ ቁልቁለት እዚያ ነውና።

የመካኒኩን ሁለተኛ ቪዲዮ በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ርዕሰ ጉዳዩ ቪትዝ መንገድ ሲዘጋጋ ለምን እንደሚሞቅ ነው። ቪዲዮው በሙዚቃና በቻናሉ ምልክት ይጀምራል፤ ስምንት ሴኮንድ ሄደ። ቀጥሎ «ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ይላል፤ ስሙን፣ የጋራዡን ሰፈር፣ ሰብስክራይብና ላይክ እንድናደርግ ልመናውን ያስከትላል። የሞተሩ ክዳን ሲከፈት 48ኛው ሴኮንድ ላይ ደርሰናል። ከሃምሳ ሰዎች ሃያ ሁለቱ ቀድመው ሄደዋል። ሰላምታ መልካም ባህል ነው፤ ቤት ለመጣ እንግዳ ይገባል። መኪናው አስፋልት ዳር ቆሞበት መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ መስማት የሚፈልገው ስለ መኪናው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። አራተኛው ቪዲዮ የሚጀምረው ክዳኑ ተከፍቶ ነው፦ «መኪናችሁ ስትነዱት ደህና ሆኖ መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ ከሞቀ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ፋን ነው። ስትነዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆሙ ግን ሥራው የፋኑ ነው። ጤና ይስጥልኝ፤ ዛሬ ፋኑን እንዴት እንደምንፈትሽ እናያለን።» ሰላምታው አልቀረም፤ ቦታው ተቀየረ። በነገራችን ላይ እዚሁ ቪዲዮ ላይ ራዲያተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑ እንዳይከፈት ማስጠንቀቂያው መነገር ያለበት በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ ግማሹ ተመልካች አይሰማውም፤ ፊቱን የሚያቃጥል ሰው ይኖራል።

በ30ኛው ቀን የመጀመሪያው ግምገማ ይደረጋል። በዚያን ቀን የወጡት ቪዲዮዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ገና ትናንት ነው የወጣው። ስለዚህ ስለ እይታ ብዛት የሚፈረድ ነገር የለም። የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፦ ሦስቱም በቀናቸው ወጡ ወይ? ስንቁ ስንት ቀረ? ሠላሳኛው ሴኮንድ ላይ የቆየው ሰው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ቪዲዮ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የመጀመሪያው መልስ «አልወጡም» ከሆነ የሚለወጠው የመጫኛ ግቡ ነው፤ በአሥር ቀን አንድ ይሁን፤ ሰውየውን ሰነፍ ብሎ መውቀስ ምንም አያስተካክልም።

በዚህ ደረጃ የሚያሳስተው የቁጥሮቹ ማነስ ነው። ሃምሳ ሰው ባየው ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው ማለት ሁለት በመቶ ነው። የአክስት ልጅ ከፍቶ በአሥረኛው ሴኮንድ ስልክ ሲደወልለት ቢዘጋው መስመሩ ይወርዳል። ለዚህም ነው ዘመድ አዝማድን ሁሉ «ግቡና ሰብስክራይብ አድርጉልኝ» ማለት የማልመክረው፤ መኪና የሌለው ሰው ስለ ካንዴላ አይቶ አይጨርስም፣ የእሱ መውጣት ግን ከእውነተኛው ተመልካች ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል። በቴሌግራም ቡድኖች እርስ በርስ ሰብስክራይብ መደራረግ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የዩቲዩብ ደንብ በግልጽ ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ወር የርዕስና የተምኔል ነው። እዚህ የሚታየው ቁጥር Impressions click-through rate ነው፤ ተምኔሉ ከቀረበላቸው መቶ ጊዜያት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይናገራል። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። መካኒኩ 4 በመቶ ካገኘ ወደቀ ማለት አይደለም፤ ከሌላ ሰው ቻናል ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፈው ቪዲዮ ጋር ያወዳድር። ተምኔሉ ገና አንድ ሺህ ጊዜ ሳይታይ ግን እኔ ባልፈርድ እመርጣለሁ። ሦስት መቶ ጊዜ ታይቶ አሥራ ሁለት ሰው ከከፈተው 4 በመቶ ነው፤ ሦስት ጓደኛ ሲጨመርበት 5 በመቶ ይሆናል፣ ምንም ነገር ግን አልተማርንም።

ደግሞም ይህ ቁጥር ሲወርድ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ወትሮ ከሚያዩት ሰዎች አልፎ ለማያውቁት ሲያቀርበው የሚከፍተው ሰው በመቶኛ ይቀንሳል፣ በብዛት ግን ይጨምራል። ስለዚህ መቶኛው ሲታይ አጠገቡ ያለው የታየበት ብዛትም አብሮ ይታይ።

ርዕስ ላይ የጀማሪ ልማድ «የመኪና ጥገና ትምህርት ክፍል ሁለት» ብሎ መጻፍ ነው። ክፍል አንድን ያላየ ሰው የሚዘልለው ርዕስ ነው። «ቪትዝ መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ የሚሞቀው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ችግሩ ያለበትን ሰው በስሙ እንደጠራው ይቆጠራል። ርዕሱን ከመወሰን በፊት የዩቲዩብ መፈለጊያ ላይ አንዴ «ቪትዝ» አንዴ ደግሞ vitz ብሎ ጽፎ የሚቀርቡትን ጥቆማዎች ማየት ይረዳል። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ርዕሱ በፊደላችን ሆኖ፣ የመኪናው ስምና የችግሩ ዋና ቃል በማብራሪያው ውስጥ በላቲንም ይግባ። ተምኔሉ ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ቃል በላይ አይጻፍ፤ በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሰባት ቃል ሲሞላበት አይነበብም።

በ60ኛው ቀን የሚደረገው ሁለተኛ ግምገማ ሰባት ቪዲዮ በእጁ ይዟል። ፍትሐዊ የሚሆነው ሁሉም በእኩል ዕድሜያቸው ሲወዳደሩ ነው፤ የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ሰባት ቀን ውጤት በደብተር ላይ ይጻፍ። ስቱዲዮው አዲሱን ቪዲዮ ከቅርቦቹ ጋር እያወዳደረ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ይህን በየሰዓቱ መክፈት ስሜት ከማወዛወዝ ሌላ ጥቅም የለውም። በደብተሩ ላይ አንድ አምድ ለአስተያየቶች ይተው። አንድ ተመልካች «የእኔም እንዲሁ ይሞቃል፣ ግን ፋኑ ይሠራል» ብሎ ከጻፈ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ተገኘ፦ የውሃ መጉደል፣ የቴርሞስታት መጣበቅ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል እንዴት እንደሚለዩ። ከሰባተኛው ቀን ቁጥር ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ አስተያየት ብዙ ይናገራል።

የሦስተኛው ወር ትምህርት ከዚሁ ይቀጥላል። ዩቲዩብ በቪዲዮው መጨረሻ ከ5 እስከ 20 ሴኮንድ የሚቆይ የማያያዣ ገጽ ይፈቅዳል፤ እዚያ ላይ ሌላ ቪዲዮ ይለጠፋል። ጀማሪ «አመሰግናለሁ፣ ሳምንት በሰላም ያገናኘን» ብሎ ሲሰናበት ተመልካቹ ገጹን ሳያይ ይሄዳል። መካኒኩ ግን ገና እየሠራ «ፋኑ ሠርቶም መኪናው ከሞቀ ችግሩ ውሃው ጋ ነው፤ እዚህ ላይ አሳይቻለሁ» ብሎ በጣቱ ወደ ማያያዣው ቢጠቁም፣ ሰውየው የሚከተለው ምክንያት ያገኛል።

ገንዘቡን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም፤ ብዙዎች በልባቸው ያለው እሱ ነው። የዩቲዩብ አጋርነት የመጀመሪያው ደረጃ 500 ተከታይ፣ ባለፉት 90 ቀናት የተጫኑ 3 ቪዲዮዎች፣ ከእነሱም ጋር በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 3,000 የእይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀን 3 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ይጠይቃል። የማስታወቂያ ገቢ የሚጀምረው ደግሞ 1,000 ተከታይና 4,000 ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ሲሞላ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢያይ፣ 3,000 ሰዓት ማለት ስልሳ ሺህ እይታ ነው። አሥር ቪዲዮ ላይ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስድስት ሺህ ይደርሳል። ለአዲስ ቻናል በዘጠና ቀን ይህን መጠበቅ ራስን ማስከፋት ነው። ከሾርትስ መመልከቻ የሚመጣ ሰዓት በዚህ ሰዓት ውስጥ እንደማይቆጠርም ይታወቅ። በተጨማሪም አጋርነቱ የሚሠራው ዩቲዩብ በዘረዘራቸው አገሮች ብቻ ስለሆነ፣ የሚኖሩበት አገር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ከመጀመሪያው ቀን ማረጋገጥ ነው።

በ90ኛው ቀን የሚፈረደው በርዕሰ ጉዳይ ላይ ነው። መካኒኩ አሥሩን ቪዲዮ ሲያቅድ በሦስት ዘርፍ ከፍሏቸው ነበር፦ አራቱ ስለ ሞተር መሞቅ፣ ሦስቱ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ስለሚደረግ ምርመራ፣ ሦስቱ ስለ ባትሪና መብራት። እንበልና የመሞቁ ቪዲዮዎች ከመፈለጊያ በሚመጣ ሰው ቀስ እያሉ ያድጋሉ፤ የግዢ ምርመራዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ፈጥነው ታይተው ቆመዋል፤ የባትሪዎቹ በሁለቱም ደካማ ናቸው። ፍርዱ ግልጽ ነው፦ የባትሪው ዘርፍ ይቁም፣ ለሚቀጥለው ዘጠና ቀን ስድስቱ ስለ መሞቅ፣ አራቱ ስለ ግዢ ይሁኑ። ሦስቱም ዘርፎች እኩል ደክመው ከሆነስ? ሠላሳኛው ሴኮንድ ላይ የሚቆየው ሰው ከመጀመሪያው ቪዲዮ ወደ አሥረኛው ከጨመረ ሙያው እያደገ ነው፤ ርዕሱ ይቀየር እንጂ ቻናሉ አይዘጋ። አሥሩ ቪዲዮ በቀናቸው ወጥተው፣ ድምፁም መግቢያውም ተስተካክሎ፣ ከማያውቀው ሰው አንድም ጥያቄ ካልመጣ ግን ቻናሉን በዚህ መልኩ መቀጠል አይገባም።

ቻናል ለመክፈት ያሰባችሁ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ቀኖች፣ 30ኛውን፣ 60ኛውንና 90ኛውን፣ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አክብቡ፤ በእያንዳንዱም ሥር የምትጠይቁትን ጥያቄና «መልሱ እንዲህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» የሚለውን ዛሬውኑ ጻፉ።